የሲቲ ስካን ውጤት ላይ «የሳንባ ኖዱል» ሲጻፍ እንዴት ይነበባል?

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰኛል። በስልክ የተነሳ የወረቀት ፎቶ ነው። አንድ መስመር በቀይ ተከቧል። ከሥሩ «ይሄ ምንድን ነው? ካንሰር ነው እንዴ?» ይላል። የምሠራው ራዲዮሎጂ ክፍል ስለሆነ ነው የሚላክልኝ። ብዙ ጊዜ ሲቲው የተነሳው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዱ መኪና ገጭቶት፣ ሌላው ሆዱን አሞት። ሳንባ ላይ ያለችው ነጥብ ሳትፈለግ ነው የተገኘችው። መልሱን ደጋግሜ ከምጽፍ እዚህ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ይህ መመሪያ ለማን እንደሆነ እንነጋገር። ዕድሜው 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ካንሰር ይዞት ለማያውቅ፣ የሰውነት መከላከያው በበሽታ ወይም በመድኃኒት ላልተዳከመና ኖዱሉ በአጋጣሚ ለተገኘበት ሰው ነው። ከታች የምጠቅሳቸው የክትትል ወራት ፍላይሽነር ሶሳይቲ የተባለው የደረት ራዲዮሎጂ ማኅበር በ2017 ካወጣው መመሪያ የመጡ ናቸው። ሪፖርታችሁ ላይ «ላንግ ራድስ» የሚል ቃልና ቁጥር ካለ ግን ያ ሌላ ነው። እሱ ለረጅም ጊዜ ላጨሱ ሰዎች በሚደረግ የቅድመ ምርመራ ሲቲ ላይ የሚሠራበት ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ደም የተቀላቀለበት አክታ ካለ፣ ክብደት ያለ ምክንያት እየቀነሰ ከሆነ ወይም ትንፋሽ እያጠረ ከሄደ ወራት መቁጠሩን ተዉት። ወረቀቱን ይዛችሁ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህ ጽሑፍ ወረቀቱን ለመረዳት እንጂ ሐኪሙን ለመተካት አይደለም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ሙሉ ሪፖርቱ። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ገጽ።
- የሲቲው ሲዲ። ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። ፊልም ብቻ ካላችሁም እሱን ያዙ።
- ከዚህ በፊት ደረታችሁን የተነሳችሁት ማንኛውም ነገር፦ ሲቲ፣ ራጅ፣ የድሮ ሪፖርት። የሆድ ሲቲም ቢሆን የሳንባን ታችኛ ጫፍ ያሳያል።
- እስክርቢቶና ወረቀት።

ማስመሪያ አያስፈልግም። ፊልም ላይ በማስመሪያ ለክተው «4 ሚሊ ነው የወጣልኝ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ፊልም ላይ ምስሉ ተጨምቆ ስለሚታተም የምትለኩት ልክ የሳንባው ልክ አይደለም።

አሁን አንድ እውነተኛ ወረቀት ይዘን እንሂድ። የጓደኛዬ ማዘር ናቸው፣ 61 ዓመታቸው ነው። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። ደረጃ ላይ ወድቀው ጎናቸውን ሲያማቸው ሲቲ ተነሱ። አጥንታቸው ደህና ሆነና ሪፖርቱ ላይ ይህ ተጻፈ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ «በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል 9 በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ሶሊድ ኖዱል ይታያል። ካልሲየም የለውም። ለማነጻጸር የቀረበ የቀድሞ ምርመራ የለም። ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሲቲ ይደገም።»

1. ቀኑን በትክክል አንብቡ

ክትትሉ በሙሉ የሚቆጠረው ሲቲው ከተነሳበት ቀን ነው። ወረቀቱን ከተቀበላችሁበት ወይም ሐኪሙ ካያችሁ ቀን አይደለም። ማዘር ወረቀት ላይ ያለው ቀን 05/11/2024 ነው። ልጃቸው ያለችው አሜሪካ ነው። ፎቶው ሲደርሳት እንደ ለመደችው ወሩን አስቀድማ ሜይ 11 ብላ አነበበችው፤ በእኛ ግንቦት 3 ቀን 2016 ማለት ነው። እዚህ ግን ቀኑ ነው የሚቀድመው፣ ስለዚህ ኖቬምበር 5 ነው፤ ጥቅምት 26 ቀን 2017። ልዩነቱ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ልጅቷ «ቀኑ አልፏል!» ብላ ደንግጣ ነበር የደወለችው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ራሱ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። ዓመቱን አይታችሁ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለዩና ቀኑን ከነወሩ ስም በወረቀታችሁ ላይ ጻፉት።

2. ዝርዝሩንም መደምደሚያውንም አንብቡ

ሪፖርት ሁለት ዋና ክፍል አለው። «ፋይንዲንግስ» የሚለው የታየውን ሁሉ ይዘረዝራል። «ኢምፕሬሽን» የሚለው ዋና ዋናውን ያጠቃልላል። ሰው የሚያነበው ኢምፕሬሽኑን ነው፤ እዚያ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «የሳንባ ኖዱል» ብቻ ነው የሚጻፈው። ልኩ፣ ጠርዙ፣ ዓይነቱ ያለው ፋይንዲንግስ ውስጥ ነው። ኖዱሉን የሚገልጸውን አረፍተ ነገር ፈልጉና አምስት ነገር ከውስጡ አውጡ፦ የት፣ ስንት ሚሊ፣ ምን ዓይነት፣ ጠርዙ እንዴት፣ ካልሲየም ወይም ስብ አለው ወይስ የለውም። አንዱ ከጎደለ ሪፖርቱን የጻፈውን ክፍል መጠየቅ መብታችሁ ነው።

3. ልኩን ወደ አንድ ቁጥር መልሱት

9 በ5 ማለት ረጅሙ ጎን 9፣ አጭሩ 5 ነው። መመሪያው የሚሠራው በሁለቱ አማካይ ነው። 9 ሲደመር 5፣ 14። ለሁለት ሲካፈል 7። ስለዚህ የማዘር ኖዱል 7 ሚሊ ነው።

ይህ ቀላል ሒሳብ ለምን ያስፈልጋል? መመሪያው ሁለት ድንበሮች ስላሉት ነው፦ 6 ሚሊ እና 8 ሚሊ። 9ኙን ብቻ ያየ ሰው ከ8 በላይ ወዳለው መደብ ይገባል። እዚያ ደግሞ የሦስት ወር ሲቲ፣ ስኳር በብዛት የሚጠቀሙ ሴሎችን አብርቶ የሚያሳየው ፔት ስካንና ከኖዱሉ ናሙና መውሰድ ነው የሚነሳው። 7 ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ከ6 ሚሊ በታች የሆነ ሶሊድ ኖዱል ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ክትትል የማይታዘዝለት። ከ30 ሚሊ በላይ የሆነው ደግሞ ኖዱል መባሉ ይቀርና «ማስ» ይባላል፤ እሱ ይህ መመሪያ የማይመለከተው ጉዳይ ነው።

ሴንቲ ሜትርና ሚሊ ሜትርን ተጠንቀቁ። 0.7 ሴንቲ 7 ሚሊ ነው። ነጥቧ ፎቶው ላይ ስላልታየች «7 ሴንቲ» ብሎ ቤተሰቡን ያስለቀሰ ሰው አውቃለሁ።

4. ዓይነቱን ለዩ፦ ሶሊድ፣ ግራውንድ ግላስ ወይስ ድብልቅ

እዚህ ጋ ትንሽ ረጋ እንበል፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሶሊድ ማለት ነጥቡ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ከኋላው ያለውን የደም ሥር ይሸፍናል ማለት ነው። ሶሊድ የሚለውን ሰምተው «ጠጣር ነው፣ ደንድኗል» ብለው የሚፈሩ አሉ። ቃሉ የሚናገረው ስለ ምስሉ እንጂ በእጅ ሲነካ ስለሚኖረው ጥንካሬ አይደለም።

ግራውንድ ግላስ ማለት ደብዛዛ ነው። ገላችሁን ስትታጠቡ በእንፋሎት የደበዘዘውን መስታወት አስቡ፤ ከጀርባው ያለው ነገር ይታያል፣ ግን ጭጋግ አለበት። እዚህም እንደዚያው የደም ሥሮቹ በደመናው ውስጥ ይታያሉ። ወረቀት ላይ «ጂጂኤን» ወይም «ጂጂኦ» ተብሎ በአጭሩ ሊጻፍ ይችላል።

ድብልቁ «ፓርት ሶሊድ» ይባላል። ሳይመታ የተጠበሰ እንቁላል ነው የሚመስለው፤ ዙሪያው ደብዛዛ፣ መሐሉ ላይ እንደ አስኳል ሶሊድ የሆነ ክፍል አለው። ይህ ዓይነት ሲጻፍ ሁለት ልክ መኖር አለበት፦ የጠቅላላውና የአስኳሉ። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበው የአስኳሉ ነው፤ 6 ሚሊ መድረስ አለመድረሱ ቀጣዩን እርምጃ ይለውጣል።

«ደብዛዛ ከሆነ ቀላል ነው» የሚል ግምት አለ። አይደለም። ጠፍቶ ካልሄደ ድብልቁ ከሦስቱም ይበልጥ የሚያጠራጥረው ነው። ንጹሑ ደብዛዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ በኢንፌክሽን ወይም በመቆጣት የመጣ ሆኖ በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ ግን በጣም በዝግታ የሚያድግ ነገር ሊሆን ስለሚችል ክትትሉ ረጅም ነው፣ እስከ አምስት ዓመት።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር ልጨምር። ሪፖርቱ ላይ «ቴክኒክ» በሚለው ሥር የምስሉ ቁራጭ ውፍረት ይጻፋል። ሲቲ ሳንባን እንደ ዳቦ ቆራርጦ ነው የሚያሳየው። ቁራጩ 1 ወይም 1.5 ሚሊ ከሆነ ጥሩ ነው። 5 ሚሊ ከሆነ ግን ትንሿ ኖዱል በአንድ ወፍራም ቁራጭ ውስጥ ከአየሩ ጋር ትቀላቀልና ሶሊድ ሆና ሳለ ደብዛዛ ትመስላለች። «ጂጂኤን» ተብሎ ቁራጩ 5 ሚሊ ከሆነ፣ በቀጭን ቁራጭ እንደገና ሊታይ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

5. ጠርዙን፣ ካልሲየሙንና ቅርጹን እዩ

«ስሙዝ» ከተባለ ጠርዙ ለስላሳ ነው። «ሎቡሌትድ» ከሆነ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው። «ስፒኪዩሌትድ» ከሆነ ዙሪያውን እንደ ጃርት እሾህ የወጡ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ሦስተኛው ነው ሐኪምን የሚያሳስበው፤ እሾሁ በዙሪያው ያለው የሳንባ ሥጋ እየተሳበ ወይም እየተወረረ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። የድሮ የቲቢ ጠባሳም ግን እንዲህ ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው ለስላሳ ጠርዝ ብቻውን ነጻ አያወጣም፤ ከሌላ አካል ወደ ሳንባ የተዛመተ ካንሰር ብዙ ጊዜ ክብና ለስላሳ ነው። ካንሰር የነበረበት ሰው ይህን መመሪያ መጠቀም የለበትም ያልኩት ለዚህ ነው።

ካልሲየም ብዙ ጊዜ መልካም ዜና ነው። ኖዱሉ በሙሉ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ በንብርብር ወይም እንደ ፈንዲሻ ካልሲየም ከያዘ፣ የቆየና የደኅና ነገር ምልክት ነው። «ካልሲፋይድ ግራኑሎማ» የሚለው ቃል እኛ አገር በየቀኑ ይጻፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ድሮ ከቲቢ ጋር ታግሎ የዘጋው ቦታ ነው። አሁን ቲቢ አለባችሁ ማለት አይደለም፤ ይህን አይቶ ብቻ መድኃኒት የሚጀመርም አይደለም። ካልሲየሙ ጠርዝ ላይ ብቻ ወይም ተበታትኖ ከሆነ ግን ይህን ዋስትና አይሰጥም። ውስጡ ስብ ታይቷል ከተባለ «ሃማርቶማ» የሚባል ጉዳት የሌለው እድገት ሊሆን ይችላል።

ሌላው የሚያረጋጋ ቃል «ፔሪፊሹራል» ነው። የሳንባ ክፍሎችን በሚለየው ስስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ለስላሳ፣ ሦስት ማዕዘን ወይም የምስር ፍሬ የሚመስል ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ትንሽ የሊምፍ ዕጢ ነው፤ ከ6 ሚሊ ቢበልጥም ክትትል ላይፈልግ ይችላል።

6. የራሳችሁን ታሪክ አጠገቡ ጻፉ

ምስሉ ግማሹ ነው። ማጨስ፣ ዕድሜ መግፋት፣ ወላጅ ወይም ወንድም እህት ላይ የሳንባ ካንሰር መኖር፣ ሪፖርቱ ላይ ኤምፊዚማ የተባለው የሳንባ የአየር ከረጢቶች ጉዳት መጠቀሱ፣ ኖዱሉ ላይኛው የሳንባ ክፍል መሆኑ ሥጋቱን ከፍ ያደርጋሉ። ላይኛው ክፍል ቲቢም የሚወደው ቦታ ስለሆነ እኛ ዘንድ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። ራዲዮሎጂስቱ ብዙ ጊዜ ስለ እናንተ የሚያውቀው በማዘዣው ላይ የተጻፈችውን አንድ መስመር ነው። «ክሊኒካል ኮሪሌሽን» የሚለው ሐረግም ይህን ነው የሚለው፤ ታሪኩን የሚያውቀው ሐኪም ከምስሉ ጋር ያገናዝበው ማለት ነው።

7. የክትትሉን ወር ፈልጉ

ለአንድ ኖዱል ብቻ እንዲህ ነው፦

- ሶሊድ፣ ከ6 ሚሊ በታች፦ ሥጋቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ክትትል የለም። ሥጋቱ ከፍ ላለ በ12 ወር አንድ ሲቲ ሊታዘዝ ይችላል።
- ሶሊድ፣ ከ6 እስከ 8፦ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ሲቲ። ከዚያ ከ18 እስከ 24 ወር ሌላ፤ ሥጋቱ ዝቅተኛ ከሆነ ሁለተኛውን ሐኪሙ ሊተወው ይችላል።
- ሶሊድ፣ ከ8 በላይ፦ በ3 ወር ሲቲ፣ ፔት ስካን ወይም ናሙና፤ የትኛው እንደሚሻል ሐኪሙ ያመዛዝናል።
- ግራውንድ ግላስ፣ 6 እና ከዚያ በላይ፦ ከ6 እስከ 12 ወር፤ ካልጠፋ በየሁለት ዓመቱ እስከ 5 ዓመት።
- ፓርት ሶሊድ፣ 6 እና ከዚያ በላይ፦ ከ3 እስከ 6 ወር፤ ካልተለወጠና አስኳሉ ከ6 በታች ከሆነ በየዓመቱ ለ5 ዓመት።

ደብዛዛውም ድብልቁም ከ6 በታች ከሆኑ በአብዛኛው ክትትል አይታዘዝላቸውም። ኖዱሎቹ ብዙ ከሆኑ ወራቱ ይለወጣሉ፤ በጣም የሚያጠራጥረው ነው አቅጣጫ የሚሰጠው።

«ለምን ስድስት ወር እጠብቃለሁ? በሚቀጥለው ወር ብነሳስ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ካንሰር የሆነ ሶሊድ ኖዱል ይዘቱ እጥፍ ለመሆን በአብዛኛው ከ100 እስከ 400 ቀን ይፈጅበታል። ይዘቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ስፋቱ የሚጨምረው በሩብ ያህል ብቻ ነው። 7 ሚሊ የነበረው እጥፍ ሆኖ 9 ሚሊ አይሞላም። የሲቲ ልኬት ራሱ በአንድ ሚሊ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለዚህ አደገ የሚባለው ቢያንስ 2 ሚሊ ሲጨምር ነው። በአንድ ወር ብትነሱ ቢያድግም አይለይም፤ ገንዘብና ጨረር ነው የምታወጡት። ሲደገም ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ጨረር ያለው፣ ምስሉን የሚያጎላው ኮንትራስት የተባለ ፈሳሽ የማይወጋበት ሲቲ ይበቃል። «ሎው ዶዝ ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፔት ስካን ለትንንሽ ኖዱሎች አያስተማምንም፤ ከ8 ሚሊ በታች ካንሰርም ቢሆን ላይበራ ይችላል። ንቁ ቲቢ ደግሞ ካንሰር ሳይሆን ይበራል።

8. የድሮውን ምስል ፈልጉ

ይህን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ሌላውን ሁሉ ሊሽር ስለሚችል ነው። የማዘር ሪፖርት ላይ «የቀድሞ ምርመራ የለም» ይላል። ልጃቸውን ጠየቅኋት። ሚያዝያ 2013 ኮቪድ ይዟቸው ሌላ ቦታ የደረት ሲቲ ተነስተው ነበር። ሪፖርቱን ላከችልኝ፤ ስለ ኖዱል አንድም ቃል የለበትም። «አየህ፣ ያኔ አልነበረም፣ አዲስ ነው» አለችኝ።

ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። ሪፖርቱ ላይ አለመጻፉ ምስሉ ላይ አልነበረም ማለት አይደለም። ያኔ የሚፈለገው የሳምባ ምች ነበር፤ ትንሿ ነጥብ ሳትጠቀስ ልታልፍ ትችላለች። ሲዲውን ከቁም ሳጥን አውጥተው አመጡት። ጎን ለጎን ሲከፈት ኖዱሏ እዚያው ቦታ ተቀምጣለች፣ 8 በ5 ሚሊ። አማካዩ 6.5 ነው፤ የአሁኑ 7። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ነው፣ ማለትም በልኬት ስሕተት ውስጥ ያለ። ሦስት ዓመት ተኩል ሳታድግ ቆይታለች። ሶሊድ ኖዱል ሁለት ዓመት ካልተለወጠ ክትትሉ ብዙውን ጊዜ ይቆማል። ራዲዮሎጂስቱ ሪፖርቱ ላይ ተጨማሪ ማስታወሻ ጻፈበት፣ የስድስት ወሩ ሲቲም ቀረ። ግራውንድ ግላስ ቢሆን ኖሮ ግን ሦስት ዓመት ተኩሉ ባልበቃ ነበር።

ስታነጻጽሩ ሁለት ነገር አረጋግጡ። ሁለቱም ሲቲዎች በተመሳሳይ ቀጭን ቁራጭ መነሳት አለባቸው፤ አንዱ 5 ሚሊ፣ ሌላው 1 ሚሊ ከሆነ ልኩ በራሱ ይለያያል። ከዚያ ከቅርቡ ጋር ብቻ ሳይሆን ካላችሁ ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸር። በየጊዜው አንድ አንድ ሚሊ እየጨመረ የሚሄድ ነገር ከቅርቡ ጋር ሲታይ ሁሌም «ስቴብል»፣ ማለትም ያልተለወጠ፣ ይባላል፤ ከመጀመሪያው ጋር ሲታይ ነው እድገቱ የሚወጣው።

የድሮ ምስል ከሌላችሁ ደግሞ የአሁኑ ሲዲ የወደፊቱ የድሮ ምስል ነው። ኮፒ አድርጉት፣ ከላዩ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉበት። ለሚቀጥለው ሲቲ ስትሄዱ ማዘዣው ላይ ሐኪሙ «ለ7 ሚሊ ኖዱል ክትትል፣ ከቀድሞው ጋር ይነጻጸር» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁ፤ ሲዲውንም ከመነሳታችሁ በፊት ለክፍሉ ስጡ። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ካመጣችሁት እንደገና ወረፋ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ሌሎች ስሕተቶች

ቃሉን ብቻ ጎግል ማድረግ አንዱ ነው። «ኖዱል» ብላችሁ ስትፈልጉ ስለ 4 ሚሊውም ስለ 25 ሚሊውም አንድ ላይ ነው የሚመጣላችሁ። ሌላው በአንድ ሪፖርት ውስጥ ያሉ ሁለት ኖዱሎችን ማደባለቅ ነው፤ ልኩን ከአንዱ፣ ጠርዙን ከሌላው ወስደው የሚያነቡ አሉ። እያንዳንዱን በየመስመሩ ጻፉት። ሦስተኛው የመጀመሪያው ክትትል «አልተለወጠም» ስላለ ሁለተኛውን መተው ነው። ሥጋቱ ከፍ ላለ ሰው በ6 ወር ያልተለወጠ ሶሊድ ኖዱል ገና ሁለት ዓመቱን አልሞላም። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉለት፤ ሐኪም ቤቱ ላይደውልላችሁ ይችላል።